በሶው ምን አጠፋ?

«ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት የባልትና ቤት ሦስት ነገር ታመርታለች፤ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ። የቤቱ የወር የጋራ ወጪ 120,000 ብር ነው። ይህ በኪሎ ሲካፈል በሶ 56,250 ብር ይደርሰዋል። በሶ ግን ከራሱ ወጪ ተርፎ የሚያስገባው 33,000 ብር ብቻ ነው። በየወሩ 23,250 ብር ይበላል ማለት ነው። ባለቤቷ በሶውን ብታቆም የወር ትርፏ ከ35,000 ወደ 58,250 ብር ያድጋል።

አንዳንድ የሒሳብ ሰዎች ‹ኮንትሪቢውሽን ማርጂን› በሚባል ነገር ይከራከራሉ። የክፍል ውስጥ ጨዋታ ነው። በዚያ ሒሳብ ከሳሪ ምርት የሚባል የለም፤ አከራዩ ግን ኪራዩን በብር ነው የሚቀበለው።

ነጋዴ ጉልበቱን በመቶኛ ከፍ ያለ ትርፍ በሚሰጠው ምርት ላይ ያድርግ። ‹ወጪው እኮ እዚያው ይቀራል› ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ ጊዜ ከተሰጠው የማይቀነስ ወጪ የለም።»

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ብቻ ከስድስት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ ሒሳባቸውን የምይዝላቸው ነጋዴዎች ናቸው። አንዷ እዚሁ ደብረ ብርሃን ባልትና ቤት አላት፤ ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ በሶውን ልተወው እንዴ?» ብላ ጨምራበታለች። በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። ሃያ ደቂቃ ሄደና ካርዴ አለቀ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጸሐፊው ንግድ የማያውቁ ሰው አይደሉም። ድምራቸውም ልክ ነው። ያጣላን ማካፈሉ ነው። እሳቸው ያልዘረዘሩትን የኪሎ ዋጋና መጠን እኔ ከማውቃቸው እንዲህ ዓይነት ቤቶች ተነስቼ፣ ከሳቸው ድምር ጋር እንዲገጥም አድርጌ ልዘርዝረው።

| ምርት | ኪሎ በወር | መሸጫ ዋጋ በኪሎ | አብሮት የሚወጣ ወጪ በኪሎ | የሚተርፈው በኪሎ | የሚተርፈው በወር |
|---|---|---|---|---|---|
| ሽሮ | 1,200 | 250 | 190 | 60 | 72,000 |
| በርበሬ | 500 | 600 | 500 | 100 | 50,000 |
| በሶ | 1,500 | 120 | 98 | 22 | 33,000 |

«አብሮት የሚወጣ ወጪ» ያልኩት ምርቱ ሲጨምር የሚጨምረውን፣ ሲቆም የሚቆመውን ነው፤ እህሉን፣ ማገዶውን፣ የወፍጮውን መብራት፣ ከረጢቱን፣ ማመላለሻውን። ከዋጋው ላይ ይህ ሲነሳ የሚቀረው ነው እንግዲህ ኮንትሪቢውሽን ማርጂን የሚባለው። ቃሉ ምላስ ያስራል። እኔ ለደንበኞቼ «መዋጮ» ነው የምላቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ሦስቱ ምርቶች እንደ እድርተኛ ለቤቱ የጋራ ወጪ ያዋጣሉ። ሽሮ 72,000፣ በርበሬ 50,000፣ በሶ 33,000። ድምሩ 155,000 ነው። ከዚህ ላይ 120,000 ሲነሳ 35,000 ትርፍ ይቀራል። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥባቸው። በሶ «የሚደርሰው» 56,250 ብር ከየት መጣ? ጸሐፊው 120,000 ብሩን ለ3,200 ኪሎ አካፈሉት። በኪሎ 37 ብር ከ50 ሆነ። በሶ በኪሎ የሚያዋጣው 22 ብር ነው። ስለዚህ ከሰረ አሉ።

በኪሎ ለምን? ጽሑፉ ምክንያት አይሰጥም። ኪሎ ደግሞ ለበሶ ክፉ ዳኛ ነው፤ በሶ ብዙ የሚመዝንና ርካሽ ዕቃ ነዋ። እስቲ ያንኑ 120,000 ብር በሽያጭ እናካፍለው። ሽሮ በወር 300,000 ብር ይሸጣል፣ በርበሬም 300,000፣ በሶ 180,000። በዚህ መንገድ በሶ የሚደርሰው 27,692 ብር ነው። መዋጮው 33,000 ስለሆነ 5,308 ብር አተረፈ! በርበሬ ግን ከ31,250 ብር ትርፍ ወርዶ 3,846 ብር ላይ ቁጭ አለ።

በሶው አልተለወጠም። ገብሱም ያው ነው፣ ገዢውም ያው ነው፣ ካዝናው ውስጥ የሚገባው ብርም ያው። የተለወጠው የሒሳብ ሠራተኛው ማካፈያ ነው። ጠዋት ከሳሪ፣ ከሰዓት አትራፊ የሚያደርግ ቁጥር ስለ በሶ የሚናገረው ነገር የለም።

ልክ የሆነ ማካፈያ ቢገኝስ የሚል አለ። ከጋራ ወጪ ውስጥ ምክንያት ያለው ማካፈያ የሚገኝለት እንዳለ እቀበላለሁ። ለምሳሌ የሾፌሩ ደመወዝ በጉዞ ቢካፈል ያስኬዳል። ለኪራይና ለዘበኛ ግን አታገኙለትም። ዘበኛው ሌሊት የሚጠብቀው በሩን ነው። ከበሩ ኋላ በሶ ይኑር አይኑር ደመወዙ አይለወጥም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በሶው ነገ ቢቆም የትኛው ብር ከቤቱ መውጣት ያቆማል? ይህን ለማወቅ 120,000ውን መዘርዘር ያስፈልጋል። ጸሐፊው አልዘረዘሩትም። በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ቤት ይህን ይመስላል። ኪራይ 40,000። የሥራ አስኪያጇ፣ የካሸሯ፣ የሾፌሩና የዘበኛው ደመወዝ 48,000። የወፍጮና የመቁያው የእርጅና ቅናሽ 14,000። ገብስ የሚቆሉና የሚያበጥሩ ሁለት የወር ሠራተኞች 12,000። ስልክ፣ ጽዳት፣ ሌላ ሌላው 6,000።

አንድ በአንድ እንሂድበት። በሶ ሲቆም አከራዩ ኪራይ አይቀንስም። ሥራ አስኪያጇም ግማሽ ቀን ትግባ አትባልም። የእርጅና ቅናሹ ወፍጮው በተገዛበት ቀን የወጣ ብር ነው፤ በሶ ቀረ ተብሎ አይመለስም። መውጣት የሚያቆመው የሁለቱ ቆዪዎች ደመወዝ ብቻ ነው፣ 12,000። እሱም ለጸሐፊው ላድላላቸው ብዬ ነው። በብዙ ቤት እነዚሁ ሴቶች በጾም ወራት የሽሮውንም ሽምብራ ያምሳሉ። እነሱን ያሰናበተ ሰው የካቲት ላይ ሌላ ሰው ሲፈልግ ይገኛል።

እንግዲህ በሶ ሲቆም 33,000 ብር መዋጮ ይጠፋል፣ 12,000 ብር ወጪ ይቀንሳል። ልዩነቱ 21,000 ብር ነው። ትርፉ ከ35,000 ወደ 14,000 ብር ይወርዳል። ጸሐፊው 58,250 ብለው ነበር። «በሶ ይበላዋል» ካሉት 56,250 ብር ውስጥ 44,250ው ከበሶ ጋር አይሄድም፤ እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ ሽሮንና በርበሬን ይጠብቃል።

እድር ውስጥ መዋጮው ከአማካዩ ያነሰ ሰው አለ እንበል። እሱን ብናባርረው የድንኳኑ ዋጋ አይቀንስም። የቀረነው ነን የምንጨምረው። በሶ ላይ የተፈረደው ፍርድ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። የከበደው ኪራዩ ነው፤ የተመታው በሶው።

ከዚህ የባሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በጸሐፊው መንገድ አንድ ወር ወደፊት እንሂድ። በሶ ቆሟል፣ ቆዪዎቹ ሄደዋል፣ የጋራ ወጪው 108,000 ሆኗል። የቀረው 1,700 ኪሎ ነው። በኪሎ ሲካፈል 63 ብር ከ53 ይደርሳል። ሽሮ የሚያዋጣው ግን 60 ብር ነው። ጉድ! ሽሮም ከሰረ፤ በወር 4,235 ብር። በዚሁ ምክር ሽሮም ይቁም። ያን ጊዜ በርበሬ ብቻውን በ50,000 ብር መዋጮ 108,000 ብር ተሸክሞ ይቆማል። ቤቱ በወር 58,000 ብር ይከስራል። በየደረጃው ምክሩ አንድ ዓይነት ነበር፤ በየደረጃው ቤቱ ባሰበት።

ይህን በወረቀት ብቻ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት ጀማሪ ሳለሁ ደብረ ሲና ላለ አንድ ዳቦ ቤት ይህንኑ ምክር ሰጥቻለሁ። አምባሻው ከሳሪ ነው አልኩ፤ ምድጃውን በቁጥር ነበር ያካፈልኩት። አቆሙት። በሁለተኛው ወር ባለቤቱ ደብተሩን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ከሳሪው ከሄደ ትርፉ የት ሄደ?» አሉኝ። ምድጃው ያው ማገዶ ይበላል፣ ጋጋሪውም ያው ደመወዝ ያገኛል። መልስ አልነበረኝም። አምባሻው ተመለሰ፤ ጠዋት ጠዋት ለአምባሻ ብለው ይመጡ ከነበሩት አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ግን የተመለሱት ጥቂቶቹ ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። በመዋጮ ሒሳብ ከሳሪ ምርት የለም የሚለው ስህተት ነው፤ አለ። እንዲያውም ከማካፈሉ ሒሳብ ይልቅ ቀኑን ቆርጦ የሚነግረን እሱ ነው። የበሶን 98 ብር ልክፈተው።

የመንዝ ገብስ ኩንታሉ 6,000 ብር ገባ እንበል፤ ኪሎው 60 ብር። ገብስ ግን እንደገባ አይወጣም። ሲበጠር፣ ሲፈተግ፣ ሲቆላና ሲነፋ ይቀንሳል። ከ100 ኪሎ 80 ኪሎ በሶ ወጣ ብንል አንድ ኪሎ በሶ 75 ብር የገብስ ዋጋ ይዟል። ማገዶና ፍተጋ 9 ብር፣ የወፍጮ መብራት 3፣ ከረጢትና ወረቀት 5፣ ማድረሻና የሱቅ ኮሚሽን 6። ድምር 98።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የተቀነሰውን 20 ኪሎ ይረሳል። ገብሱን 60 ብር ብሎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ በሶው 83 ብር ብቻ የፈጀ፣ 37 ብር የሚያዋጣ ይመስላል። ከዚያ ለጅምላ ገዢ በ95 ብር ይለቅቀውና በየኪሎው 3 ብር እየከሰረ ደስ ብሎት ያድራል። ይህን ለማወቅ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ኩንታሉ ሲገባ መዝኑ፣ በሶው ከረጢት ሲገባ መዝኑ። በየወቅቱም ደግማችሁ መዝኑ፤ የዝናብ ወቅት ገብስና የታኅሣሥ ገብስ አንድ አይደሉም።

ሒሳቡ እንዲህ ከተያዘ በሶ የሚቆምበት ዋጋ ራሱ ይወጣል። ሁለት መስመር አለ። ገብስ ኩንታሉ 7,120 ብር ሲደርስ የበሶ መዋጮ በኪሎ 8 ብር ይሆናል። በ1,500 ኪሎ 12,000 ብር ነው፤ ልክ የቆዪዎቹ ደመወዝ። ከዚህ መስመር በላይ ዋጋው የሚቆይ ከሆነ፣ የበሶውንም መሸጫ መጨመር ካልተቻለ፣ በሶውን መዝጋት ያዋጣል። እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ እጅ ለእጅ እንጨባበጣለን። ሁለተኛው መስመር 7,760 ብር ነው። እዚያ ላይ መዋጮው ዜሮ ይገባል። ከዚያ በላይ የተገዛ እያንዳንዱ ኩንታል ብር ያጠፋል፤ ወር መጨረሻ መጠበቅ የለም፣ ግዢው በነጋታው ይቁም።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቆዪዎቹን ለማሰናበት ገና ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ወር ላይ ከሆነ፣ ደመወዛቸው በሶ ተመረተ አልተመረተ ይከፈላል። በዚያ ወር በሶ በኪሎ 3 ብርም ቢያዋጣ ማምረቱ ይሻላል።

ለጸሐፊው የምሰጣቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ። አከራዩ ኪራዩን በብር ነው የሚቀበለው ያሉት እውነት ነው። መዋጮ ብቻውን ትርፍ አይደለም። «ከወጪው ትንሽ ካለፈ ይበቃል» ብሎ ሦስቱንም ምርት በርካሽ የሚሸጥ ቤት በየምርቱ መዋጮ እያየ ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ሦስቱ ተደምረው ኪራዩንም፣ ደመወዙንም፣ አንድ ቀን የሚሞተውን ወፍጮ መተኪያም መሸከም አለባቸው። ዋጋ ሲወጣ ይህ መታየት አለበት። አንድን ምርት ስለመጣል ስንነጋገር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። አንዱን ለሌላው መልስ አድርጎ መስጠት ነው ስህተቱ።

ሦስተኛው ነጥብ የመቶኛው ነው። ጸሐፊው የራሳቸውን ምሳሌ በመቶኛ አላሰሉትም መሰለኝ። ሽሮ ከ250 ብር 60 ያዋጣል፤ 24 በመቶ። በሶ ከ120 ብር 22፤ 18 በመቶ ከምናምን። በርበሬ ከ600 ብር 100፤ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። መጨረሻ የወጣው በርበሬ ነው! በመቶኛው ብንሄድ የሚባረረው እሱ ነው። የሚሄደውም 50,000 ብር ይዞ ነው። ቤቱ ከ35,000 ትርፍ ወደ 15,000 ኪሳራ ይገለበጣል። መቶኛ አይበላም፤ ኪራይ የሚከፍለው ብሩ ነው። ይህን ያሉት እንኳ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ አንድ አንቀጽ ከፍ ብለው።

ነገር ግን አንዱን ምርት በሌላው ላይ መምረጥ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሆነ ነገር ሲያጥር ነው። እዚህ ቤት የሚያጥረው የወፍጮ ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት 40 ኪሎ ሽሮ ይፈጫል እንበል፣ 60 ኪሎ በሶ፣ 20 ኪሎ በርበሬ። በርበሬ ያነሰው ከሱ በኋላ ወፍጮው ተፈትቶ ስለሚጸዳ ነው። ካልጸዳ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሶውን በጥብጦ ጠጥቶ ሲያስነጥስ፣ ከረጢቱን ይዞ ሱቅ ሲመለስ። በዚህ ስሌት አንድ የወፍጮ ሰዓት በሽሮ 2,400 ብር ያዋጣል፣ በበርበሬ 2,000፣ በበሶ 1,320።

አሁን በአዘቦት ወር ሽሮው 30 ሰዓት፣ በርበሬው 25፣ በሶው 25 ይወስዳል። ድምር 80 ሰዓት። ወፍጮው በወር 160 ሰዓት መሥራት ከቻለ ግማሹን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። ሰዓት ካላጠረ ደግሞ በሰዓት ማወዳደር ትርጉም የለውም። በሶ የሚሠራበት ሰዓት ከማንም አልተወሰደም። ባይሠራበት ባዶ ነበር። ስለዚህ 1,320 ብሩ ንጹሕ ጥቅም ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 55 ቀን ሙሉ ሁሉም ቤት ሽሮ ይሠራል። የሽሮ ትእዛዙ ሦስት እጥፍ ቢሆን 3,600 ኪሎ፣ 90 የወፍጮ ሰዓት ነው። መብራቱ ጠፋ መጣ እያለ ወፍጮው 110 ሰዓት ብቻ ሠራ እንበል። ያን ጊዜ ሰዓት አጠረ። መጀመሪያ ሽሮ 90 ሰዓቱን ይውሰድ። የቀረው 20 ሰዓት ለበርበሬ ይሰጥ። በሶ ተራ አይደርሰውም፤ እነዚያን ሳምንታት ይረፍ። ምርት መጣል ማለት ይህ ከሆነ እስማማለሁ። ልዩነቱ ይህኛው ለአንድ ወቅት የተደረገ ነው፤ ሁለቱ ቆዪዎችም ሽምብራ ሲያምሱ ይከርማሉ። ከፋሲካ በኋላ በሶው ይመለሳል።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ሒሳቡ አያሳይም። ለበሶ የመጣ ሰው ሽሮም ይዞ ይሄዳል ወይ? የካሸሯን ደረሰኞች አንድ ሳምንት ማየት ይበቃል። በሶ ካለባቸው ደረሰኞች ስንቱ ላይ ሌላ ነገር አለ? ብዙ ከሆነ በሶ ሲቀር የሚጠፋው 33,000 ብቻ አይደለም። እንደ ደብረ ሲናው አምባሻ ነው። ጥቂት ከሆነ ግን በዚህ ምክንያት በሶን ማዳን አይቻልም፤ ለሁለቱም ወገን እኩል መመዘን አለብን።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ጊዜ ከተሰጠው ብዙ ወጪ ይቀነሳል። ኪራዩ ውሉ እስኪያልቅ ቋሚ ነው፤ ሲያልቅ ግን ጠበብ ያለ ቤት መከራየት ይቻላል። ስለዚህ በሶን የመጣል ጥያቄ በውል ማደሻው ወር እንደገና መነሳት አለበት። «ቋሚ ወጪ ነው፣ አይነካም» ብሎ ዓመት ከዓመት የሚዘጋው የሒሳብ ሰውም ስንፍና አለበት፤ ራሴን ጨምሮ።

ሆኖም «ይቀነሳል» ማለት ብቻ አይበቃም። ስንት ነው የሚቀነሰው? በሶው ከቆዪዎቹ ደመወዝ በኋላ 21,000 ብር ለቤቱ እየጨመረ ነው። ስለዚህ በሶን ማቆም ከ21,000 ብር በላይ የሚያድን መሆን አለበት። ያለ በሶ የሚበቃ ጠባብ ቤት በ25,000 ብር ተገኘ እንበል። የሚድነው 15,000 ነው። አሁንም በሶው 6,000 ብር ይበልጣል። ሌላም መንገድ አለ። የበሶው መጋዘን ለሌላ ሰው ቢከራይስ? በደብረ ብርሃን መጋዘን የሚፈልግ አይጠፋም፤ ከተማዋ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ የድሮዋ አይደለችም። ክፍሉ በ10,000 ብር ከተከራየ በሶው ይቆይ። 24,000 የሚሰጥ ከመጣ በሶው ይሂድ፤ ያን ጊዜ በሶን ማቆየት 24,000 ብር ያሳጣል፣ የሚሰጠው 21,000 ነዋ። ይህ ወጪ በደብተር ላይ የለም፤ ግን ከእርጅና ቅናሹ ይልቅ ለዚህ ውሳኔ ይመለከተዋል።

አንድ ጊዜ የሚወጣውንም እንዳትረሱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲቀነስ የስንብት ክፍያ አለበት ይላል። ቆዪዎቹ ብዙ ዓመት የሠሩ ከሆነ ክፍያው ቀላል አይደለም፤ የ12,000 ብሩ ቁጠባ መጀመሪያ እሱን መመለስ አለበት። ጸሐፊው ይህን አላነሱም።

ባለ ባልትናዋ ትናንት ደወለችልኝ። ገበያ ላይ ናት፤ ጫጫታው ይሰማል። «ጋሼ፣ ገብሱ 6,300 ገባ። ልግዛ ልተው?» አለችኝ። በ6,300 በሶው በኪሎ 18 ብር ከ25 ያዋጣል። በወር 27,375 ብር ነው። ከቆዪዎቹ ደመወዝ በኋላ 15,375 ይቀራል። «ግዢ፤ 7,120 ሲደርስ ግን ሳትገዢ ደውዪልኝ» አልኳት።

«በሶው ከሳሪ ነው የተባለውስ?»

«ከገዛሽ በኋላ መዝኚው» አልኳት፤ አሁን ደግሞ የሷ ካርድ ሊያልቅ ነበር።